ለስኳርና ደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ ያዘጋጀሁት የዲዛይን ብሪፍ፤ ምን ይጎድለዋል?

አዲስ በር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን በቋሚነት የሚከታተል ክሊኒክ ሊከፈት 10 ሳምንት ቀርቶታል። መለያውን የሚሠራ ፍሪላንስ ዲዛይነር ተገኝቷል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ብሪፍ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብሏል። ያዘጋጀሁት ይህ ነው፦

> ስለ ክሊኒኩ፦ ዘመናዊ፣ ንጹሕና እምነት የሚጣልበት የጤና ተቋም።
> ተገልጋዮች፦ በሁሉም የዕድሜ ክልል ያሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች።
> ቀለም፦ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ነጭ።
> ምልክት፦ ልብና የደም ጠብታ፣ ቢቻል ከቀይ መስቀል ጋር።
> የሚሠሩ ነገሮች፦ ሎጎ፣ ታፔላ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የደብዳቤ ራስጌ፣ ማኅተምና ሌሎችም።
> ጊዜ፦ በተቻለ ፍጥነት።

ዲዛይነሩ ይህን ይዞ መነሳት ይችላል? ምን ልጨምር፣ ምን ላውጣ?

---

ፊደል ገበታ

መነሳት ይችላል፤ የሚያመጣልዎት ግን ለጥርስ ክሊኒክም ለላቦራቶሪም የሚሆን ሥራ ነው። ዘመናዊና ንጹሕ መባል የማይፈልግ ክሊኒክ ስለሌለ እነዚያ ቃላት ዲዛይነሩን ከምንም ነገር አያግዱትም። ብሪፍ የሚጠቅመው አንዳንድ አማራጮችን ገና ከመነሻው ሲዘጋ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «በሁሉም የዕድሜ ክልል» የሚለው መስመር ነው። የእናንተ ሰው ማን እንደሆነ ከሥራችሁ ይታወቃል። ስኳርና ግፊት ልጅም ወጣትም ይይዛል፤ በመቀመጫው ላይ የምታዩት አብዛኛው ሰው ግን በመካከለኛ ዕድሜና ከዚያ በላይ ያለ ነው። ያ ሰው መነጽር ረስቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ የጀመረውም አለ፤ ስኳሩ የዓይኑን ውስጠኛ ክፍል የጎዳበትም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ የሚቀር አይደለም። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ለዓመታት ይመላለሳል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የቀለም ምርጫችሁ ይለወጣል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል። በነጭ ላይ ያለ ፈዛዛ ሰማያዊ ለእርስዎ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ለሰባ ዓመት ሰው ግን የደበዘዘ ግራጫ ነው። ጥቁር ሰማያዊን ከጥቁር፣ ሰማያዊን ከአረንጓዴ መለየትም ያስቸግረዋል። ስለዚህ «ሰማያዊ ይሁን» ብላችሁ አትጻፉ። «ማንኛውም ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፣ የቀጠሮና የመድኃኒት መረጃ ደግሞ 7 ለ 1» ብላችሁ ጻፉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛ የሆነው WCAG የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ዲዛይነሩ በነጻ መሣሪያ ወዲያው ይለካቸዋል። ቀለሙን እሱ ይምረጥ።

ሁለተኛ፣ የመለያችሁ ዋናው ዕቃ ሎጎው አይደለም፤ የቀጠሮ ካርዱ ነው። ሕመምተኛው ሎጎውን ታፔላው ላይ በጨረፍታ ያየዋል፣ ካርዱን ግን በኪሱ ይዞት ይከርማል። ዝርዝራችሁ ውስጥ ግን የለም፤ «ሌሎችም» ውስጥ ጠፍቷል። «ሌሎችም» የሚለውን ቃል ደግሞ ከብሪፍ ውስጥ አውጡት። ክርክር የሚነሳው ከእሱ ነው፤ እርስዎ አሥር ነገር ሲያስቡ ዲዛይነሩ ሁለት አስቦ ዋጋ ይሰጣል።

---

ሰማይ ጠቀስ

ፈዛዛ ሰማያዊ ላይ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ሰማያዊ በጤና ተቋማት የተለመደው መረጋጋትን ስለሚሰጥ ነው፣ ሕዝቡም ለምዶታል። ጽሑፉ ጥቁር ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ሰማያዊ ቢሆን ምን ችግር አለው? መስቀሉንም በተመለከተ ቀይ ባይሆን ጥሩ ነው፣ የተከለከለ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አረንጓዴ አድርጉትና ጨርሱ።

---

ፊደል ገበታ

በጀርባው ትክክል ነህ። ጥቁር ጽሑፍ በፈዛዛ ሰማያዊ ላይ በደንብ ይነበባል። አደጋው ሰማያዊው ራሱ ጽሑፍ ወይም ቀጭን መስመር ሲሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሆነው እንደዚያ ነው፣ ምክንያቱም የመለያ ቀለም የተባለ ሁሉ ስልክ ቁጥሩና አድራሻው ላይ ይውላል።

የመስቀሉ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ቀይ መስቀል በነጭ ላይ የሕክምና ምልክት ሳይሆን የጥበቃ ምልክት ነው። በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት በጦርነትም በሰላምም ጊዜ ያልተፈቀደለት የግል ተቋም ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሚመስለውን ማስመሰያም ይከለክላል። ቀይ ጨረቃና በ2005 የተጨመረው ቀይ ክሪስታልም እንደዚያው ናቸው። ብሪፉ ውስጥ «ቢቻል» የሚል ቃል ይዞ መግባት የለበትም፤ አይቻልም።

አረንጓዴው ሕጉን አይነካም፤ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ነጭ መስቀል በአረንጓዴ ላይ ዓለም አቀፉ የደኅንነት ምልክቶች መመዘኛ ISO 7010 ለመጀመሪያ ርዳታ የያዘው ነው። አረንጓዴ መስቀል ደግሞ በብዙ አገር ፋርማሲ ማለት ነው። የክትትል ክሊኒክ በር ላይ ከሰቀላችሁት መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው እየገባ ይጠይቃችኋል። ክልከላው እንዲህ ይጻፍ፦ «በማንኛውም ቀለም መስቀል፣ ጨረቃ አይኑር»።

ልብና ጠብታውንም ብትተዉት እመርጣለሁ። ምልክቱን እናንተ ከወሰናችሁ ዲዛይነሩን የምትከፍሉት ለሥዕል ብቻ ነው። የደም ጠብታ ብቻውን ሲታይ የደም ባንክ ወይም ላቦራቶሪ ይመስላል፤ ልቡ ላይ ሲጨመር ደግሞ በ16 ፒክስል የድረ ገጽ ምልክት ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ምልክቱ የሚገልጸውን ጻፉለት፦ «ተመላልሶ መምጣት፣ ያው ሰው ያው ሐኪም ጋር መገናኘት»። እንዴት እንደሚሳል ግን ሥራው የሱ ነው።

---

ጥርስ ነቃይ

ይቅርታ ጥያቄ ላስገባ። እኔ የጥርስ ክሊኒክ አለኝ፣ ሎጎዬን በስልክ አፕ ሠርቼው PNG ብቻ ነው ያለኝ። ታፔላ ቤት ሲያተልቁት ጠርዙ ይሸራረፋል። በትልቁ ሴቭ ባደርገው ይስተካከላል?

---

ታፔላ ሠሪ

አይስተካከልም። ፎቶው ውስጥ ያሉት ነጥቦች ያው ናቸው፣ ስታተልቀው ነጥቦቹ ብቻ ይገዝፋሉ። በቬክተር፣ ማለትም ቢተልቅም በማይሸራረፍ የመስመር ሥዕል፣ እንደገና መሳል አለበት፤ ቀላል ቅርጽ ከሆነ ረጅም ሥራ አይደለም። ለአዲስ በርም ከዚሁ ይማሩ፦ ብሪፉ ላይ የምትረከቡትን ፋይል በስሙ ጥሩት። የIllustrator AI ፋይል ወይም SVG፣ ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተቀየረበት PDF፣ እና ጀርባው ግልጽ የሆነ PNG። ባለቀለም፣ ባለአንድ ቀለም፣ እና በጥቁር ላይ ነጭ የሆነ ቅጂ ይኑረው።

አሁን ወደ ታፔላው። የሕንጻው ፊት ላይ ለእናንተ የተፈቀደው ቦታ ስንት በስንት ነው? ሰው ከየት ሆኖ እንዲያየው ነው የምትፈልጉት? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብሪፉ ላይ ከሌሉ ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያምር ነገር ይሠራና እኛ ጋ ሲመጣ አይገባም።

---

አዲስ በር

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት። የተፈቀደው ቦታ 3 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ 30 ሜትር ርቀት ላይ እንዲነበብ እንፈልጋለን። የክሊኒኩ ሙሉ ስም 22 ፊደል ነው።

---

ታፔላ ሠሪ

እንግዲያው ሂሳቡን እንሥራው። በእኛ ሙያ ሳያስቸግር እንዲነበብ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲሜትር የፊደል ቁመት እንይዛለን። ለ30 ሜትር 25 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ከዚህ ባነሰም ይነበባል፣ ጥሩ ዓይን ላለው። የእናንተ ሰዎች ግን ፊደል ገበታ እንዳለው ናቸው፤ ስለዚህ አልቀንስም።

የግእዝ ፊደል በአማካይ ቁመቱና ወርዱ ይቀራረባል። 22ቱን በአንድ መስመር ካደረግነው 5 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ቦታው 3 ነው። በሁለት መስመር 11፣ 11 ካደረግነው ወርዱ 2 ሜትር ከ75 ይሆናል። ቁመቱ ሁለት ጊዜ 25፣ በመሐል 10፣ ከላይና ከታች 10፣ 10፤ በድምሩ 80። በቁጥር ይገባል። ግን ለሎጎው ምልክት አንድ ጣት ቦታ አልቀረም፣ የቃላቱ ክፍተትም እዚያው ውስጥ መጨመቅ አለበት።

ስለዚህ ዲዛይነሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መወሰን ያለበት ነገር አለ። የስሙ የመጀመሪያ ቃል ብቻ በትልቁ ይጻፍና «የስኳርና ደም ግፊት ክትትል» የሚለው በ10 ወይም 12 ሳንቲሜትር ከሥሩ ይሁን። ትንሹን ከ12 ከ15 ሜትር ያነቡታል፣ መንገዱን ሲሻገሩ ማለት ነው። ያኔ በግራ በኩል ለምልክቱ 60 በ60 ቦታ ይተርፋል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ታፔላው ከውስጥ የሚበራ ከሆነ ቀጭን ፊደል አይመረጥ። ማታ ብርሃኑ በጠርዙ ይፈስና የፊደሉን ቀዳዳ ይደፍናል። «ሠ» እና «ጠ» ላይ በቋሚ መስመሮቹ መሐል ያለው ክፍተት፣ «ሉ» ላይ ያለችው ትንሿ ቅጥያ፣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከመጽደቁ በፊት አንድ ፊደል በእውነተኛ መጠኑ ቆርጠን አብርተን ማየት እንችላለን፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

---

ካርድ ክፍል

ስለ ቀጠሮ ካርዱ የተነሳው ልክ ነው፤ ግን ማን እንደሚጽፍበት ማንም አላነሳም። ካርዱ ላይ የሚጽፈው ሎጎውን የመረጠው ሰው አይደለም፤ ሰልፍ እየጠበቀው ቆሞ የሚጽፍ ሠራተኛ ነው።

የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ካርድ አታሠሩ። እስክሪብቶ አይዘውም፤ የያዘ ሲመስል ደግሞ በጣት ሲነካ ይፈሳል። ከዚያ የ6 ሰዓቱ ቀጠሮ 8 ሆኖ ይነበባል። ከውጭ በኩል ሽፋን ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ላብና እጥፋት ይችላል፤ ውስጡ ግን ያልተሸፈነ ወረቀት ይሁን። 250 ወይም 300 ግራም ይበቃል። 300 ሲሆን የሚታጠፍበት መስመር አስቀድሞ በማሽን ካልተጫነ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል፤ ጥቁር ቀለም ሙሉ ለሙሉ የፈሰሰበት ሽፋን ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጠኑ A5 ታጥፎ A6 ቢሆን እመርጣለሁ፤ 105 በ148 ሚሊሜትር። ውስጡ ሁለት ገጽ አለው። ከየአቅጣጫው 8 ሚሊሜትር ከተተወ 89 በ132 ይቀራል። ለአርእስቱ 12 ሚሊሜትር ሲነሳለት የቀረው 120 በ10 ሚሊሜትር ሲከፈል 12 ረድፍ ይሰጣል። ሁለቱ ገጽ 24፤ በየወሩ ለሚመጣ ሰው ሁለት ዓመት። ረድፉን ከ10 በታች ማውረድ ቁጥሩ ከላይኛው ረድፍ ጋር እንዲጋጭ ማድረግ ነው፤ «140/90» የሚለው ላይ የታችኛው ቁጥር ከሚቀጥለው ረድፍ ጋር ይነካካል።

ዓምዶቹን ቀን 25፣ ሰዓት 18፣ ግፊት 22፣ ስኳር 24 ብዬ አስልቻለሁ፤ በትክክል 89 ነው። የሐኪም ፊርማ ይግባ የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ካስገባችሁ ሁሉም ይጠባል፣ ስለዚህ አሁኑኑ ወስኑ።

---

ፊደል ገበታ

ይህ መልስ ቃል በቃል ብሪፉ ውስጥ ይግባ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የታተመው ጽሑፍ መጠን በፖይንት ብቻ አይነገር። አንድ ዓይነት 12 ፖይንት በሁለት የተለያዩ ፎንቶች የተለያየ ቁመት ይሰጣል። «ትንሹ ፊደል በማስመሪያ ሲለካ ከ3 ሚሊሜትር አይነስ» ብትሉ ክርክር የለም። ፎንቱም ለኅትመትም ለኮምፒውተርም የሚያገለግል ፈቃድ ይኑረው። Noto Sans Ethiopic እና Abyssinica SIL በክፍት ፈቃድ ስለሚገኙ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ላይም ያለ ወጪ ይጫናሉ፤ የመጀመሪያው ብዙ ውፍረት አለው፣ ለታፔላም ይሆናል።

ማኅተሙን አትርሱ። 40 ሚሊሜትር ክብ ማኅተም ላይ ከ0.3 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ሲመታ ወይ ይጠፋል ወይ በቀለም ይሞላል። ስለዚህ ምልክቱ በ12 ሚሊሜትር ስፋት፣ በአንድ ቀለም፣ ጥላና ድርብ ቀለም ሳይኖረው መታወቅ አለበት። የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያመጣላችሁ ፎቶኮፒ አድርጉት፣ ኮፒውን መልሳችሁ ኮፒ አድርጉት። ሪፈር የሚጻፍበት ወረቀት ዕጣው ይኸው ነው። ከሁለተኛው ኮፒ በኋላ ካልታወቀ ቀለም በመለወጥ አይድንም፤ ቅርጹ ነው ችግሩ።

---

ሰማይ ጠቀስ

እሺ ስለ ቀለሙ ተቀብያለሁ። ግን በጀቱስ? ብሪፍ ላይ በጀት መጻፍ የለበትም ባይ ነኝ። ቁጥሩን ካየ ዲዛይነሩ በዚያው ልክ ነው የሚጠይቀው።

---

ፊደል ገበታ

ካልጻፋችሁለት ደግሞ የማትችሉትን ያስባል፤ አምስት ቀለም፣ ፎቶግራፈር፣ ብጁ ፊደል። ቢያንስ ጣሪያውን መንገር አለባችሁ።

---

ታፔላ ሠሪ

የዲዛይኑን ክፍያ ሳይሆን የኅትመትና የታፔላውን ጣሪያ ብትጽፉ ይሻላል። ሥራውን የሚቀርጸው እሱ ነው። የዲዛይነሩን ዋጋ እሱ ራሱ ይንገራችሁ።

---

ሰማይ ጠቀስ

እኔ አሁንም አልጽፍም። በቃል ይነገር።

---

አዲስ በር

በሰማሁት መሠረት እንደገና ጽፌዋለሁ። የተገልጋዩና የገደቡ ክፍል ይህ ነው፣ እዩልኝ፦

> የሚያነበው ሰው፦ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በላይ፣ የማየት ችሎታው የቀነሰ፣ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚመለስ። ብዙ ጊዜ ካርዱን የሚያነብለት ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው።
> የሚጽፈው ሰው፦ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ በእስክሪብቶ፣ ቆሞ።
> መለያው መናገር ያለበት፦ ሕመሙ የዕድሜ ልክ ነው፤ ያው ሰው ያው ሐኪም ጋር ይመለሳል። ድንገተኛ ሕክምና እንደምንሰጥ የሚያስመስል ነገር አይኑር።
> አይፈቀድም፦ መስቀልና ጨረቃ በማንኛውም ቀለም፤ «እናድናለን» የሚል ተስፋ ወይም ተመሳሳይ ቃል፤ የሕመምተኛ ፎቶ።
> የሚረከቡ ሥራዎች፦ 1) የቀጠሮ ካርድ A5 ታጥፎ A6፣ ያልተሸፈነ ውስጥ፣ 24 ረድፍ 2) ታፔላ 300 በ80 ሳ.ሜ.፣ ዋናው ቃል 25 ሳ.ሜ. 3) ማኅተም 40 ሚ.ሜ. 4) የማዘዣ ወረቀት A5 5) የደብዳቤ ራስጌ A4 6) የበር ቁጥሮች። ከዚህ ውጭ የሚመጣ ሥራ በተለየ ዋጋ።
> ፈተና፦ ሁለት ጊዜ ፎቶኮፒ ተደርጎ መነበብ፤ ንጽጽር 4.5 ለ 1፣ ለቀጠሮና መድኃኒት 7 ለ 1፤ ትንሹ ፊደል 3 ሚ.ሜ.።

ቢዝነስ ካርዱን አወጣሁት። ጊዜውን ግን እንዴት እንደምጽፍ አላወቅሁም። ስሙም ገና በንግድ መዝገብ አልጸደቀም።

---

ፊደል ገበታ

በጣም ጥሩ ነው። «ድንገተኛ አንሰጥም» የሚለው መስመር ብቻውን ብዙ ቀይ ቀለምና የልብ ምት መስመር ያስቀርላችኋል።

ስሙ ካልጸደቀ ግን ሎጎው አይጀመር። አንድ ፊደል ቢለወጥ የታፔላው ሂሳብ ሁሉ ይናዳል። እስከዚያ ዲዛይነሩ የካርዱን ሰንጠረዥና የማዘዣውን አደረጃጀት መሥራት ይችላል፤ ስም አያስፈልጋቸውም።

ጊዜውን ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩት። ለታፔላ ሦስት ሳምንት፣ ለኅትመት ሁለት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የሚይዘው ሦስቱ ነው። ለስህተት ማረሚያ አንድ ሳምንት ትታችሁ የመጨረሻው ፋይል በ6ኛው ሳምንት መጨረሻ እጃችሁ መግባት አለበት። ከእነዚያ ስድስት ውስጥ አንዱ ለጥያቄና ለልኬት፣ ሁለቱ ለመጀመሪያ ንድፍ፣ አንዱ ለእናንተ ምርጫ፣ ሁለቱ ለማጠናቀቅ። ያንን የምርጫ ሳምንት የሚያባክኑት ባለቤቶች ናቸው።

---

ካርድ ክፍል

የሚመርጠው ማን ነው? ሐኪሙ፣ ባለቤቱ፣ የባለቤቱ ቤተሰብ? ስሙ በብሪፉ ይጻፍ።

---

ፊደል ገበታ

አዎ፣ አንድ ሰው ብቻ። ሁሉም አስተያየት ይስጥ፣ ግን በአንድ ሰነድ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ይላክ፤ ያ አንድ ዙር ይባላል። ሁለት ንድፍ፣ ከተመረጠው ላይ ሁለት ዙር ማሻሻያ፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ። የባለቤትነት መብቱ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ወደ ክሊኒኩ እንደሚተላለፍም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ያለ እሱ በኋላ ሌላ ዲዛይነር ማስተካከያ እንዲሠራ ስትፈልጉ መሟገት ይመጣል።

---

አዲስ በር

ወሳኙ የክሊኒኩ ዋና ሐኪም ናቸው፣ ስማቸውን አስገባለሁ። የፊርማው ዓምድ ላይ ግን እሳቸው ይግባ ነው የሚሉት።

---

ካርድ ክፍል

እንግዲያው የሰዓቱን ዓምድ ከቀኑ ጋር አዋህዱትና ሁለቱንም በአንድ ሳጥን፣ በ30 ሚሊሜትር ጻፉ። 13 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ አጭር ፊርማ ይበቃዋል። ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ በኦፊስ ፕሪንተር አውጥታችሁ ሐኪሙ ራሳቸው አሥር ጊዜ ይፈርሙበት።

---

ጥርስ ነቃይ

የቬክተሩን ነገር ተረድቻለሁ። የቀጠሮ ካርድ ለጥርስም በዚሁ ልክ ይሆናል?

---

ካርድ ክፍል

አይሆንም። የአንተ ሰው አራት አምስት ጊዜ መጥቶ ይጨርሳል፤ 24 ረድፍ ምን ያደርግለታል? በስምንት ረድፍ ጀምርና ከኋላው ከነቀላ በኋላ የሚያደርገውን ጥንቃቄ በትልቁ ጻፍለት።